«ትራንስፖርት» ውስጥ የተደበቀው ወጪ፦ ለሚያድግ ድርጅት ቻርት ኦፍ አካውንት ስለመሥራት

(ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶችና ለሒሳብ ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሒሳብ የምትሠሩ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሒሳብ የሚሠራላችሁም አላችሁ። ዛሬ ሁለታችሁም አንድ ገጽ ላይ እንድትገናኙ ነው የምፈልገው። ገጹ የወር የትርፍና ኪሳራ ሪፖርት ነው። ባለቤቱ የሚያየው እሱን ነው። እዚያ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ግን የሚወሰነው ከዓመታት በፊት ነው፤ አንድ ሰው የሒሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ከፍቶ የአካውንቶቹን ዝርዝር፣ ማለትም ቻርት ኦፍ አካውንቱን፣ ባስገባበት ቀን።

ያ ዝርዝር ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣው ናሙና ይወሰዳል፣ ወይ ከሌላ ድርጅት ይገለበጣል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አንድ መስመር እየተጨመረበት ይሄዳል። ድርጅቱ አንድ ሱቅ ሳለ ይህ አይጎዳም፤ ባለቤቱ ሁሉንም በዓይኑ ስለሚያይ ሪፖርቱን አይፈልገውም። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው ቦታ ሲከፈት ነው።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። የቤት ዕቃ የሚያመርት ወርክሾፕ እንውሰድ። እኔ የፈጠርኩት ነው፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው የመረጥኳቸው። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ወርክሾፕ አለ። ሁለት ማሳያ ክፍሎች አሉ። ሶፋ፣ አልጋ፣ የምግብ ጠረጴዛ በማሳያ ክፍል ለቤተሰብ ይሸጣል። ከዚያ ሌላ ለድርጅቶች የቢሮ ጠረጴዛና መደርደሪያ በትዕዛዝ ይሠራል። ትዕዛዙ በፕሮፎርማ ይመጣል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ዕቃው ተሠርቶ በአይሱዙ ተጭኖ ሄዶ ይገጠማል።

የአንድ ወር ሪፖርቱ፣ ከቫት በፊት፣ ይህን ይላል። ሽያጭ 1,500,000 ብር። ግዢ 760,000 ብር። ልዩነቱ 740,000 ነው፤ ከሽያጩ 49 በመቶ ገደማ። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ከታች «ደሞዝ»፣ «ትራንስፖርት»፣ «ኪራይ»፣ «ልዩ ልዩ» እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ ትንሽ ነገር ይተርፋል። ባለቤቱ ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ግማሽ በግማሽ እያተረፍን ገንዘቡ የት ይገባል?»

ገንዘቡ የገባበት ቦታ ሪፖርቱ ላይ አለ። ግን ስም የለውም። «ደሞዝ» የሚለው መስመር ውስጥ የአናጢዎቹም፣ የጸሐፊዋም፣ የጥበቃውም ክፍያ አብሮ ተቀምጧል። «ትራንስፖርት» ውስጥ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ባንክ ሲሄድ የከፈለው ታክሲ፣ ዕቃ ያደረሰው የአይሱዙ ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ አንድ ላይ ተደባልቋል። ታክሲው የቢሮ ወጪ ነው። አይሱዙው ግን ዕቃው ባይሸጥ ኖሮ አይከፈልም ነበር። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ መዋል የለባቸውም።

እንለያቸው። ከ«ደሞዝ» ውስጥ የወርክሾፑ ሠራተኞች ድርሻ 180,000 ነው። ከ«ትራንስፖርት» ውስጥ የማድረሻና የገጠማው 110,000 ነው። እነዚህን ወደ ላይ፣ ወደ ቀጥተኛ ወጪ ስናመጣቸው 760,000 የነበረው 1,050,000 ይሆናል። ጥቅል ትርፉም ከ49 ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ድርጅቱ አልተለወጠም። የመጨረሻው ትርፍም ያው ነው። ባለቤቱ ለጥያቄው ግማሽ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ግማሹ የቀረው ማሳያ ክፍሉንና የትዕዛዝ ሥራውን ስንለያይ ይመጣል። የማሳያ ክፍሎቹ ሽያጭ 900,000 ነው። ጥሬ ዕቃው 430,000፣ የወርክሾፕ ክፍያው 90,000፣ ማድረሻው 20,000። ስለዚህ 360,000 ይቀራል፤ 40 በመቶ። የትዕዛዝ ሥራው ሽያጭ 600,000 ነው። ጥሬ ዕቃ 330,000፣ የወርክሾፕ ክፍያ 90,000፣ ማድረሻና ገጠማ 90,000። የሚቀረው 90,000 ብቻ ነው፤ 15 በመቶ። የወርክሾፑን ጉልበት እኩል ለእኩል እየወሰደ የትርፉን አንድ አምስተኛ ብቻ ያመጣል። ዋናው ምክንያት ገጠማው ነው። ፕሮፎርማው ላይ ገጠማ ለብቻው ዋጋ አልወጣለትም፤ «እናደርሳለን» ተብሎ በቃል ነው የተሰጠው። ባለቤቱ ይህን ካየ በሚቀጥለው ፕሮፎርማ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። ሪፖርት ማለት ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ይህን መለያየት እንዴት እናስገባው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው።

ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ በየቦታው አካውንት መክፈት ነው። «ኪራይ ማሳያ አንድ»፣ «ኪራይ ማሳያ ሁለት»፣ «ማድረሻ ማሳያ አንድ»፣ «ማድረሻ ትዕዛዝ»። መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም። ግን እንቁጠረው። ወጪ አካውንቶቹ 25 ናቸው እንበል። ለሁለት ማሳያ ክፍሎችና ለትዕዛዝ ሥራው ሲባዙ 75 ይሆናሉ። ባለቤቱ በየቦታው በባንክ ዝውውር የሚከፈለውንና በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውን ለይቼ ልይ ካለ 150። ሦስተኛ ማሳያ ክፍል ሲከፈት ደግሞ 200። ሂሳብ ሠራተኛው ቫውቸር ይዞ 200 መስመር ውስጥ ይፈልጋል። ይደክመዋል። ቅርብ ያገኘውን ይመርጣል። ወይ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የድርጅቱ ወጪ ሳይሆን የሠራተኛው ድካም ነው።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባለቤቱ «በጠቅላላው ለኪራይ ስንት ከፈልን?» ብሎ ሲጠይቅ ስምንት መስመር መደመር ያስፈልጋል። አንድ ማሳያ ክፍል ቢዘጋ 50 የሞቱ አካውንቶች ዝርዝሩ ላይ ተገትረው ይቀራሉ።

አካውንት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፦ ምን? ኪራይ ነው፣ ቦርድ ነው፣ ገጠማ ነው። የት፣ ለየትኛው ሥራ፣ ለማን የሚሉት ጥያቄዎች ሌላ ቦታ ይመለሱ። ለማን የሚለው በደንበኛና በአቅራቢ መዝገብ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ እንጨት ሻጭ አካውንት የከፈተ ድርጅት አይቻለሁ። ሶፍትዌሩ የአቅራቢ መዝገብ አለው እኮ! ተከፋይ ሒሳብ አንድ አካውንት ይሁን፣ የስም ዝርዝሩ ከሥሩ ይደር። የትና ለየትኛው ሥራ የሚለው ደግሞ በምልክት ይመለሳል። ፒችትሪ ላይ እያንዳንዱ የምዝገባ መስመር አጠገብ ጆብ የሚል ቦታ አለ። ኩዊክቡክስ ላይ ክላስ ይባላል። ኤክሴል ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ዓምድ መጨመር ነው።

ለወርክሾፓችን አራት ምልክት ይበቃል። ማ1፣ ማ2፣ ትዕ፣ ጋራ። ሁለቱ ማሳያ ክፍሎች፣ የትዕዛዝ ሥራው፣ እና የጋራው። 25 አካውንትና 4 ምልክት፤ በድምሩ 29 ነገር ማወቅ ነው። ሦስተኛ ማሳያ ክፍል ሲመጣ ማ3 ተብሎ አንድ ይጨመራል። ዝርዝሩ አይነካም።

«ጋራ» የሚለውን ምልክት አደራ እንዳትንቁት። የወርክሾፑ ኪራይ፣ የጥበቃው ደሞዝ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ የማንም አይደለም። ብዙ ሰው እነዚህን በመቶኛ እየከፈለ ለየቦታው ማደል ይወዳል። እኔ አልወደውም። ማደያው መቶኛ በተቀየረ ቁጥር የየቦታው ትርፍ ይቀየራል፤ ባለቤቱም የሚከራከረው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ መቶኛው ይሆናል። የጋራው በጋራ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቦታ ራሱ ያመጣውና ራሱ ያወጣው ይታይ፣ ከዚያ ሁሉም ተደምሮ የጋራውን ይሸከም።

ጥሬ ዕቃውስ? ቦርድ ሲገዛ ለማን እንደሚሆን አይታወቅም። ልክ ነው። ስለዚህ ሲገዛ ወደ ስቶክ ይገባል እንጂ ወደ ወጪ አይሄድም። ምልክቱ የሚሰጠው ከስቶር ሲወጣ ነው። ስቶር ጠባቂው በሚቆርጠው የመውጫ ወረቀት ላይ «ማ1» ወይም «ትዕ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ካልተጻፈ ከላይ ያየነው 40 በመቶና 15 በመቶ አይወጣም። ሙሉ ሥርዓቱ የሚቆመው በስቶር ጠባቂው እስክሪብቶ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የዝርዝሩ የሽያጭና የቀጥተኛ ወጪ ክፍል ይህን ይመስላል።

```
4100  የቤትና የቢሮ ዕቃ ሽያጭ
4200  የገጠማና የጥገና ገቢ
4900  ተመላሽና ቅናሽ
5110  እንጨትና ቦርድ
5120  ብረት
5130  ስፖንጅና ጨርቅ
5140  ቀለም፣ ኮላና ማያያዣ
5210  የወርክሾፕ ሠራተኛ ክፍያ
5310  ማድረሻና ገጠማ
```

1000ዎቹ ሀብት፣ 2000ዎቹ ዕዳ፣ 3000ዎቹ ካፒታል ናቸው። 6000ዎቹ የአስተዳደርና የሽያጭ ወጪ። በቁጥሮቹ መካከል የተተወውን ክፍት ቦታ ልብ በሉ። ነገ መስታወት ትልቅ ወጪ ቢሆን 5150 ቦታው ይጠብቀዋል። 5111፣ 5112፣ 5113 እያሉ ያለ ክፍተት የጀመሩ ሰዎች መስታወቱን ከቀለሙ በታች ከገጠማው በላይ የሚያስገቡበት ያጣሉ። መጨረሻ ላይ 5999 ይሰጡታል፣ ከዘመዶቹ ተነጥሎ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሌላው፣ ፒችትሪ ላይ አካውንቱን ስትከፍቱ ዓይነቱን ይጠይቃችኋል። ሪፖርቱ ላይ የት እንደሚውል የሚወስነው ቁጥሩ ሳይሆን ይህ ዓይነት ነው። 5310ን በችኮላ «ኤክስፔንስ» ብሎ የከፈተ ሰው ቁጥሩ 5 ቢጀምርም ማድረሻው ከጥቅል ትርፉ በታች ይወርድበታል። «ኮስት ኦፍ ሴልስ» መባል አለበት። የ49 በመቶው ዓይነት ቅዠት የሚመለሰው በዚህች አንዲት ምርጫ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትርፍና ኪሳራ ነው። የሀብትና ዕዳው ወገን ሌላ ሕግ አለው። ወጪና ገቢ ላይ አካውንት የሚከፈተው ውሳኔ የሚለውጥ ከሆነ ነው። ሀብትና ዕዳ ላይ ግን የሚከፈተው ከውጭ የሚመሳከር ወረቀት ካለው ነው። እያንዳንዱ የባንክ ሒሳብ የራሱ ስቴትመንት ስላለው የራሱ አካውንት ይኑረው። አምስት ባንክ ካላችሁ አምስት። እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም። የሽያጭ ቫትና የግዢ ቫት ለየብቻ ይሁኑ፤ ወር ሲያልቅ ከዲክላሬሽኑ ጋር ይመሳከራሉ። ደንበኛ ድርጅት ሲከፍላችሁ ቀንሶ የሚያስቀረው ዊዝሆልዲንግ ወጪ አይደለም። ዓመቱ ሲዘጋ ከግብራችሁ የሚቀነስ ሀብታችሁ ነው። 1000ዎቹ ውስጥ ይቀመጥ፣ በደረሰኙም ልክ ይሁን።

በነገራችን ላይ የአካውንት ስም ውስጥ ተመን አትጻፉ። ዊዝሆልዲንግ ለዓመታት 2 በመቶ ስለነበር ብዙ ዝርዝር ላይ «ዊዝሆልዲንግ 2%» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ተመን በአዋጅ ይቀየራል። ስሙ ያኔ ይዋሻል።

ደሞዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እሱ ነው። የአንድ ድርጅት ጥቅል ደሞዝ 100,000 ብር ነው እንበል። ከሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል፤ 7,000። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ 11,000። የሥራ ግብርም ከሠራተኛው ይቆረጣል። የድርጅቱ እውነተኛ ወጪ 111,000 ነው። የሚከፈለው የጡረታ ዕዳ 18,000 ነው።

አሁን አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ለሠራተኛው እጅ የሰጠውን የተጣራ ብር ብቻ «ደሞዝ» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ወር ግብሩን ሲከፍል «ግብር» የሚል ወጪ ውስጥ ያስገባዋል፣ 18,000ውን ደግሞ «ጡረታ» ውስጥ። ደምሩት፤ ያው 111,000 ይመጣል። ስለዚህ ማንም አይነቃበትም። ግን ደሞዝ ከልኩ ያንሳል፣ የሠራተኛው ግብር የድርጅት ግብር መስሎ ይታያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰኔ ወጪ ሐምሌ ላይ ይወድቃል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ድርጅት ይህ ማለት ወጪው ወደ ሌላ ዓመት ተሻገረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁለት የዕዳ አካውንት ነው፦ የሚከፈል የሥራ ግብር፣ የሚከፈል ጡረታ። ወጪው በወሩ ፔይሮል ላይ በጥቅል ይመዘገባል፤ ክፍያው ዕዳውን ብቻ ይነካል። እንዴት ይታወቃል? ክፍያው በተፈጸመ ማግስት የሁለቱ አካውንት ቀሪ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ አንድ ነገር አለ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ወርክሾፕ የማይቀር ሌላ የዕዳ አካውንት የደንበኞች ቀብድ ነው። አንድ ድርጅት 400,000 ብር የሚያወጣ ጠረጴዛ አዘዘ፤ ቫቱን ለጊዜው እንተወው። መጋቢት ላይ ግማሹን፣ 200,000 ከፈለ። ዕቃው ግንቦት ላይ ተገጠመ። ቀብዱ «ሽያጭ» ተብሎ ከተመዘገበ መጋቢት ላይ ምንም ወጪ የሌለበት 200,000 ሽያጭ ይታያል። ባለቤቱ ጥሩ ወር ነበር ይላል። ግንቦት ላይ ደግሞ የቀረው 200,000 ከጠቅላላው ሥራ ወጪ ጋር ይጋፈጣል፤ ወሩ የከሰረ ይመስላል። ሁለቱም ወር ሐሰት ነው። ቀብዱ 2000ዎቹ ውስጥ በዕዳ ይቀመጥ፤ ዕቃው ሲረከብ ወደ 4100 ይዛወር። የቀብድ አካውንቱ ቀሪ በማንኛውም ቀን ዕቃቸው ገና ካልተረከበ ትዕዛዞች የቀብድ ዝርዝር ጋር መግጠም አለበት።

የባለቤቱ የግል ወጪም ድንበር ይፈልጋል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ካዝና ቢወጣ ሰማይ አይደፋም፤ ግን 6000ዎቹ ውስጥ አይገባም። የግል ነጋዴ ከሆናችሁ 3000ዎቹ ውስጥ «የባለቤት ወጪ» ይሁን። ፒኤልሲ ከሆነ ከአባሉ የሚፈለግ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ጊዜ እንምጣ። ዝርዝሩ ዛሬ ቢያምር ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? ሪፖርት ጥቅሙ ንጽጽር ነው። የዘንድሮ ጥር ከአምና ጥር። ንጽጽሩን በጸጥታ የሚገድለው የአካውንትን ትርጉም መቀየር ነው። ለምሳሌ 6350 «የጄኔሬተር ነዳጅ» ነበር። ጄኔሬተሩ ተሸጠ። ሒሳብ ሠራተኛው ቁጥሩ ሥራ ከሚፈታ ብሎ ስሙን «የኢንተርኔት ክፍያ» አደረገው። ሶፍትዌሩ ስሙን የሚቀይረው ለወደፊቱ ብቻ አይደለም። የአምናው ናፍጣ በሙሉ በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ሆነ። ከዚያ ባለቤቱ «አምና ለኢንተርኔት ይህን ሁሉ ከፍለናል እንዴ?» ይላል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ሥራ ለቋል። የተንቀሳቀሰ አካውንት አይሰረዝም፣ ለሌላም አይሰጥም። «ኢንአክቲቭ» ይደረጋል፣ ቁጥሩም አብሮት ያርፋል። አራት አሃዝ ሞልቶ ተርፎናል፣ ቁጥር አንቆጥብ።

አዲስ አካውንት ማን ይክፈት? አንድ ሰው። ሶፍትዌሮቹ ቫውቸር እየመዘገባችሁ እዚያው አዲስ አካውንት እንድትከፍቱ ይፈቅዳሉ። ምቹ ነው፤ ግን «ጽዳት»፣ «የጽዳት ዕቃ» እና «ሳሙና» የሚሉ ሦስት አካውንቶች የሚወለዱት እንዲህ ነው። ፈቃዱ ለአንድ ሰው ይሰጥ። ያ ሰው ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገር ይይ። ወጪው በየወሩ ይመላለሳል ወይ? መጠኑ ከጠቅላላ ወጪው 2 በመቶ ይደርሳል ወይ? 2 በመቶ የኔ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ትንሽ ሆኖ ለብቻው መቀመጥ ያለበትም አለ፦ ቅጣትና መስተንግዶ። እነዚህ ለገቢ ግብር በወጪነት ስለማይያዙ ዓመት ሲዘጋ ተፈልገው መውጣት አለባቸው። ተደባልቀው ከቆዩ ሐምሌና ነሐሴን ቫውቸር ሲያገላብጡ መክረም ነው።

«ልዩ ልዩ ወጪ» ይኑር፤ ያለሱ አይሆንም። ግን እንደ ቴርሞሜትር እዩት። ከ2 በመቶ ሲያልፍ ሌጀሩን ከፍታችሁ ውስጡን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ቦታ ያለው ሆኖ ሳለ በስንፍና የገባ ነው። የቀረው ደግሞ አንድ ተደጋጋሚ ነገር ነው፤ እሱ አካውንት ይገባዋል።

አሁን የተበላሸ ዝርዝር ያላችሁ ደግሞ ትኖራላችሁ። እንዴት ይቀየራል? በዓመቱ መሐል አትንኩት። ሐምሌ 1 ጠብቁ። ግንቦት ላይ ግን ሥራውን ጀምሩ። ኤክሴል ላይ በግራ በኩል አሮጌዎቹን አካውንቶች በሙሉ፣ በቀኝ እያንዳንዱ የሚሄድበትን አዲስ አካውንት ጻፉ። ብዙ አሮጌ ወደ አንድ አዲስ ሲሄድ ቀላል ነው። ሦስቱም ሳሙናዎች «ጽዳት» ይሆናሉ።

የሚያስቸግረው አንዱ አሮጌ ወደ ብዙ አዲስ ሲበተን ነው። «ደሞዝ» ወደ ወርክሾፕና ወደ አስተዳደር ይከፈላል። የአምናውን ለመክፈል አስራ ሁለት ፔይሮል መክፈት ይበቃል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ይሠራ። «ትራንስፖርት»ን ለመክፈል ግን የዓመቱን ቫውቸር በሙሉ ማንበብ ያስፈልጋል። ትልልቆቹን የአይሱዙ ክፍያዎች ብቻ አውጡና ሌላውን አስተዳደር ውስጥ ተዉት። ሪፖርቱ ግርጌ ላይም እንዲህ መደረጉን ጻፉ። የሦስት ዓመት ታሪክ ካላችሁ የአምናውን ብቻ ክፈሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው በድምር ይነጻጸር።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። የአምናውን ትራያል ባላንስ በአሮጌውም በአዲሱም ዝርዝር አውጡት። የመጨረሻው ትርፍ በሳንቲም መግጠም አለበት። ጥቅል ትርፉ ሊለያይ ይችላል፤ እንዲያውም ካልተለያየ ምን አደከመን? የታችኛው ቁጥር ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ አንድ አካውንት ሁለት ቦታ ገብቷል፣ ወይ የወጪ አካውንት በስህተት ሀብት ተብሏል።

ከጥያቄዎቹ መካከል አንዲት እህት ያነሳችው እዚህ መግባት አለበት። «ጫኝና አውራጅ ደረሰኝ አይሰጥም። ለግብር አይያዝልንምና ‹ደረሰኝ የሌለው ወጪ› የሚል አካውንት ከፍተናል። ትክክል ነው?» አለች።

ብዙ ድርጅት እንዲህ ያደርጋል፣ ለምን እንደሚያደርግም ይገባኛል። ግን እዚያ አካውንት ውስጥ ምን ምን እንዳለ ተመልከቱ። ጫኝና አውራጅ አለ፤ እሱ ማድረሻ ነው። ፎቶ ኮፒ አለ፤ እሱ ቢሮ ነው። ቧንቧ የጠገነ ሰው አለ፤ እሱ ጥገና ነው። ደረሰኝ መኖር አለመኖሩ «ምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይደለም። እንዲህ ካደረጋችሁ 110,000 የነበረው ማድረሻና ገጠማ ላይ ጫኝና አውራጁ ይጎድላል፤ የትዕዛዝ ሥራውም ከልኩ በላይ አትራፊ ይመስላል። ወጪው 5310 ላይ ይዋል። ደረሰኝ እንደሌለው ደግሞ በመግለጫው መነሻ ላይ «ደአ» ብላችሁ ጻፉ። ሁልጊዜ መነሻው ላይ፣ ሁልጊዜ በእነዚያ ሁለት ሆሄያት። ዓመቱ ሲያልቅ ሌጀሩን ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ «ደአ» ብላችሁ ስታጣሩ በሙሉ ተሰብስቦ ይመጣል። የግብር ማስታረቂያው ላይ ያንን ድምር ትጨምራላችሁ። ባለቤቱ ግን በየወሩ የሚያየው ጫኝና አውራጁን ከአይሱዙው አጠገብ ነው።